ሰኞን ለመድረስ፦ ከአዲስ አበባ ባቲ

ቅዳሜ፣ ጥር 7 ቀን 2008 ዓ.ም. — አዲስ አበባ፣ መናኸሪያ

ጥምቀት ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ ትኬቱን ከዋዜማው መቁረጥ አለበት። በዕለቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ አገኛለሁ የሚል ሰው ወይ ይቀራል፣ ወይ ከደላላ እጅ በጭማሪ ይገዛል። ትኬት የያዘም ቢሆን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ መገኘት ይኖርበታል። በሩ 11 ሰዓት ላይ ሲከፈት ሁሉም ወደየአውቶቡሱ ስለሚሮጥ ፖርቶ መጋላው ላይ ቀድሞ የተጫነ ዕቃ ከሥር ይውላል፣ የዘገየው ከላይ ይሆናል። ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ዕቃው ከላይ ቢሆንለት ይሻለዋል። ደሴ የሚዘልቁት ሻንጣ ከላይ ከተጫነበት ሲወርድ ሸራው ሁሉ ይፈታል፣ ረዳቱም ይቆጣል።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው ሁለቱ የተገናኙት። ሴትዮዋ ስልሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸውን በሻሽ ላይ የደረቡ፣ እግራቸው ሥር በገመድ የታሰረ ካርቶን ያኖሩ ናቸው። ልጁ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፣ ትከሻው ላይ አንድ ቦርሳ ብቻ አለ። ከኋላቸው መጥቶ ተሰለፈና ብርዱን ለመርሳት ያህል ሰላም አላቸው።

«እንዴት አደሩ እናቴ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ እንዴት አደርህ ልጄ? ደህና አደርህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ብርዱ አልጎዳህም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እርስዎስ? መንገዱ ወዴት ነው?»

«ወደ አገር ነው። ሰኞ ሳያመልጠኝ ልድረስ ብዬ።»

ልጁ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «የባቲ ነዎት እንዴ?»

ከተማዋን አልጠሩለትም። የጠሩት ቀኗን ነው። ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው፤ አገሬው ደግሞ «ሰኞ ገበያ» እንኳ አይልም፣ «ሰኞ» ብሎ ይተወዋል። «ለሰኞ ነው»፣ «ከሰኞ መልስ»፣ «ያለፈው ሰኞ የገዛሁት» ይባላል። የላሊበላ ሰው ቢሆን ቅዳሜን፣ የሰንበቴ ሰው ቢሆን እሑድን ያነሣ ነበር። ከመናኸሪያው ሰልፍ ላይ ሌላ ሰው ያንን መልስ ቢሰማ ሴትዮዋ ሥራ ወይም ቀጠሮ ያላቸው ይመስለው ነበር እንጂ ምንም አይገለጥለትም።

«ኧረ አንተስ?» አሉት።

«እኔም የባቲ ነኝ። ለጥምቀት ነው የምወርደው።»

ሴትዮዋ ግን ወዲያው እጃቸውን አልዘረጉም፤ መጠየቅ ጀመሩ። ከገበያው በየት በኩል ነው ቤታችሁ? ውሃ ከየት ነበር የምትቀዱት? እናትህ ምን ትሠራለች? ልጁ እናቱ ከከብት ተራው አጠገብ ቡና እንደሚያፈሉ ሲነግራቸው «ድንኳኗ ከግራሩ ሥር ያለው?» አሉ። እሱም «ግራሩማ ተቆረጠ፣ አሁን ቆርቆሮ አድርገንበታል» ሲላቸው ነው የተሳሳቁትና ትከሻ ለትከሻ የተሳሳሙት።

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። መናኸሪያ አካባቢ «ያገርህ ልጅ ነኝ» ብሎ ዕቃ ያዝልኝ ተብሎ የሚጠፋ፣ ወይም ትኬት አስቆርጥልሃለሁ ብሎ ብሩን ይዞ የሚሰወር ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው፤ የቦታውን ስም አንተ እስክትጠራ ይጠብቅና «አዎ፣ እዚያው ጋ!» ይላል። ስም የሚጨምር አንተ ብቻ ከሆንክ መጠንቀቅ ነው። እውነተኛው ያገር ልጅ ያርምሃል፤ ግራሩ ተቆርጧል ይልሃል፣ ያ ሰው ሞቷል ይልሃል፣ መንገዱ በዚያ በኩል አይወጣም ብሎ ይከራከርሃል። ሴትዮዋ ያመኑት ልጁ አዎ ስላላቸው ሳይሆን ስላረማቸው ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ባቲ ያደገ ሰው ለማያውቀው አገሩን ሲናገር ከትልቁ ይጀምራል። መጀመሪያ ወሎ ይላል፣ ቀጥሎ ደሴ አካባቢ፣ ሰሚው ካወቀ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባቲ የሚለው። ሁለቱ ያንን ደረጃ ሁሉ በአንድ ቃል ዘለሉት። ካርቶኑን ልጁ ተሸከመላቸው፣ ወንበርም ከሌላ መንገደኛ ጋር ተቀያይረው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ቅዳሜ፣ ከረፋዱ በኋላ — ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ለቁርስ የሚቆመው ሃያ ደቂቃ ሲሆን በጥር ጠዋት ብርዱ ከአዲስ አበባው በጣም ይብሳል። ሻይ 3 ብር፣ እንቁላል ፍርፍር 25 ብር ነበር። ሴትዮዋ ከቤት የያዙትን ዳቦ ፈቱ፤ ልጁ ሻዩን ከፈለ። ሁለቱ ከተዋወቁ ግማሽ ቀን ሳይሞላቸው በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ሴትዮዋ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ፣ ልጁ አማተበና ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ በር ብዙ ጊዜ በጉም የተሸፈነ ነው። ተራራውን የሚበሳው ዋሻ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ነው። ከዋሻው ማዶ ግን አየሩም መሬቱም ሌላ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቁልቁለቱ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ይጠጋል።

እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ጥሩ ሾፌር በፍሬን አይወርደውም። ማርሹን ከላይ ገና ሳይጀምር ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተር ያስረዋል፤ ፍሬን የሚረግጠው ኩርባው ላይ፣ ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ ነው። እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚወርድ ከሆነ ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ቢረገጥም አይዝም።

የእኛ ሾፌር በአግባቡ ነበር የሚነዳው። ቢሆንም ደብረ ሲና ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፣ መኪናውም ወደ ግራ ይስብ ጀመር። ሾፌሩ ከተማው ጠርዝ ላይ ዳር ይዞ አቆመ፤ ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ አደረገ። እጁን ወደየጎማው ማህል አስጠግቶ ሲለካ የፊተኛው ግራ ብቻ ይፋጃል። ችግሩ ከዚያ ታወቀ። አራቱም ቢግሉ ኖሮ ምክንያቱ አነዳዱ ይሆን ነበር፤ አንዱ ብቻ ሲግል ግን የዚያ ጎማ ፍሬን ሳይለቅ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ተሳፋሪ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሊያፈስበት ሲጠጋ ሾፌሩ ጮኾ ከለከለው። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት ይሰነጠቃል። መጠበቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ሲቀዘቅዝ በክሪክ አንሥተው ጎማውንና ታምቡሩን አወጡት። ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ተሰብሮ ተገኘ። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን ደብረ ሲና አልነበረችም። ረዳቱ በሌላ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሶ ይዟት እስኪመጣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆነ።

የደብረ ሲና ቆሎ በዚያ መሥመር የማያውቀው የለም። መኪና ሲቆም ሴቶቹ በመስኮት ያቀርቡታል፣ በብርጭቆ ይሰፍሩታል። ገብሱ ብቻውን አለ፣ ከሽምብራና ከሱፍ የተደባለቀም አለ። ከመግዛት በፊት አንድ ፍሬ መስበር ነው፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ከሆነ ቸኩለው ነው የቆሉት፣ ሲቆይ ይጠነክራል። እስከ ውስጥ ቡናማ የሆነው ሳምንት ይቆያል። ሁለቱ በመቆየቱ አልተሰላቹም። የሞተውን፣ ያገባውን፣ ወደ ጂዳ የሄደውን፣ ተመልሶ የመጣውን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ከባቲ የላይኛው ሠፈር ጀምረው እስከ ታችኛው ወረዱ።

በዚያን ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ በሌሊት ስለማይጓዝ ያደርንበት ሸዋ ሮቢት ነው። አልጋ 100 ብር ነበር። ሮቢት ቆላ ናት፣ ትንኝ አለባት፤ አልጋ ከመያዝ በፊት አጎበር መኖሩንና አለመቀደዱን ማየት ያስፈልጋል። ደጋ ላይ የለበሱትን ሹራብ የሚያወልቁት እዚህ ነው። ልጁ መጀመሪያ ለሴትዮዋ ክፍል ያዘ፣ በሩ በውስጥ መቆለፉን አየ፣ ከዚያ የራሱን ፈለገ።

እሑድ፣ ጥር 8 — ሰንበቴ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ

ከሮቢት ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው እሑድን ከመረጠ የሰንበቴን ገበያ መንገዱ ላይ ያገኘዋል። ገበያው ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ረፋዱ ላይ መኪና በግመልና በፍየል መሐል በሰው እርምጃ ነው የሚያልፈው። ለመሻገር ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። የሚቸኩል ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ማለፍ አለበት።

ከሰንበቴ ወዲያ ግን አንድ ነገር ዓይን ይገባ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ከድቶ ስለነበር ከመንገዱ ዳር ያለው የማሽላ አገዳ ጉልበት ሳይደርስ የቀረ ነው። ከሚሴ ስንደርስ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው በጨፋ ረግረግ ሜዳ ላይ ከቆላ የመጡ ከብቶች ተሞልተው ነበር። በደረቅ ወራት አፋሮች ከብታቸውን ወደዚያ ማምጣታቸው የቆየ ነገር ነው። ሴትዮዋ በመስኮት እያዩ «ሰኞ ፍየሉ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል» አሉ። ጥራጥሬ ነጋዴ ናቸውና ሒሳቡ ቅርባቸው ነው። ሣር ያጣ አርብቶ አደር ፍየሉ ሳይሞትበት ሊሸጥ ያወጣል፣ በሸጠው እህል ሊገዛ ይፈልጋል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲያወጣና ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲፈልግ ሁለቱ ዋጋ ይለያያል።

ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እዚህ ይከፈላል፤ ዋናው ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ለባቲ መኪና መለወጥ ግድ ነው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም፣ በገበያ ዋዜማ ግን ቶሎ ይሞላል፣ ረዳቱም ከታሪፉ በላይ ይጠይቃል። ልጁ ሊከራከር ሲጀምር ሴትዮዋ ከኋላ ሆነው ረዳቱን ሰላም አሉት፤ ደህንነቱን፣ እናቱን፣ ቤቱን ጠየቁት። በታሪፉ ከፈልን። ያገሩ ሰው እንደሆኑ ከሰላምታው ስለገባው መከራከሩን ተወው።

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ኩርባው ብዙ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪናም የሚመላለስበት ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፊት መቀመጥ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ይሻላል። ባቲ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አልጋ በእሑድ ማታ ውድ ነው፣ ምክንያቱም ለሰኞ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ያድርባታል፤ የሚችል ሰው በስልክ አስቀድሞ ቢያስይዝ ይሻለዋል። ምግቡ ግን አልተወደደም፣ በያይነቱ 30 ብር ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 9 — ባቲ

የባቲ ስም በአገሪቱ ሁሉ የሚታወቀው ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በእሷ ስለሚጠራ ነው። ገበያዋን ለማየት ግን ማልዶ መነሣት ያስፈልጋል። ግመልና ፍየል የሚያመጡት አፋሮች ሌሊቱን ተጉዘው ጎሕ ሲቀድ ይደርሳሉ፤ ከደጋ የሚመጡት እህል ጫኞች ትንሽ ቆይተው ይገባሉ። የከብት ተራው የሚደምቀው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ስለሚያይል ሻጩ መመለሱን እያሰበ ዋጋ ይቀንሳል፣ የተረፈው ፍየል ግን ቀድሞ የተመረጠበት ነው።

ልጁ ለበዓል ፍየል ሊገዛ ነው የሄደው፤ ሴትዮዋ አብረውት ወጡ። የፍየሉ ትከሻና ጀርባ ላይ እጃቸውን እየጫኑ ነው የሚመርጡት። በዚያ ዓመት ሁሉም ከስቶ ስለነበር ክሳት ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ የሚታየው ሌላ ነው። ዓይኑ የፈዘዘ፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ጅራቱ ሥር በተቅማጥ የቆሸሸ ከሆነ ይታለፋል። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጥርስ የተካ ፍየል ዓመት አልፎታል፣ ሥጋው ገና ለስላሳ ነው። የዓይኑን ቆብ ገልጠውም ውስጡን ይመለከታሉ፤ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፣ የነጣ ከሆነ በሆዱ ትል አለ።

ፍየሉን ሲመርጡ ከአጠገባቸው ሁለት አፋሮች ተገናኙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሰላምታው በኋላ ከግመላቸው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። አንደኛው ይናገራል፣ ሌላኛው በየመሐሉ «አዎ» እያለ ይሰማል፤ ሲጨርስ ተራው ይገለበጣል። ዳጉ የሚባለው ይህ ነው። ሰላም መሆኑ፣ የት እንደዘነበ፣ ሣሩ የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደገባ፣ በመንገድ ላይ ማን እንዳለፈ ይነገራል። ያዩት ካልሆነ የሰሙት መሆኑና ከማን እንደሰሙ ይለያል፣ ምክንያቱም ሰሚው ለሚቀጥለው ሰው ስለሚያስተላልፈው ውሸት ከገባበት ከብት ወደሌለ ሣር ይነዳል።

ቅዳሜ መናኸሪያ ላይ ሴትዮዋ ልጁን የጠየቁበት አኳኋን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባቲ ላይ ያደገ ሰው ገበያውን ከአፋር ጋር ሲጋራ ነው የሚኖረውና ሰላምታው ከጤና አልፎ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ገበያውን ይጠይቃል። ልጁ የከብት ተራውን ጥግ ሲያሳያቸው ግራሩ የነበረበት ቦታ ላይ እናቱ ቆርቆሮ ሥር ቡና ያፈላሉ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰኞ ሰኞ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው፣ ስም ግን አይተዋወቁም ነበር። ጀበናው ሦስተኛ ላይ እስኪደርስ አልተነሡም።

ማክሰኞ፣ ጥር 10 — ባቲ፣ ከተራ

ልጁ ለጥምቀት ሊቆይ፣ ጥር 13 ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ነው። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ላለች ልጃቸው ቅቤ ሊልኩበት አሰቡ፤ ያገር ልጅ ከተገኘ የሚከተለው ይህ ነው። ሰኞ የገዙት አምስት ኪሎ ለጋ ቅቤ ነበር። በዚያ ሙቀት ለጋውን እንዳለ መላክ አይቻልም፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ቀልጦ ይፈሳል፣ ውስጡ ያለው ውሃም ያኮመጥጠዋል። ስለዚህ ያነጥሩታል።

እሳቱ ቀስ ያለ መሆን አለበት። ቅቤው ሲቀልጥ ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋ እየገፈፉ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ በሶብላና ኮሰረት ይጨምሩበታል። መብሰሉ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ ውሃው እስካለ ድረስ ይንጫጫል፣ ሲያልቅ ጸጥ ይላል፣ ቅቤውም እስከ ድስቱ ሥር ያሳያል። ጸጥ ሳይል ያወረዱት ቅቤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሸታል። ጸጥ ካለ በኋላ እሳት ላይ የቆየ ደግሞ ዝቃጩ ይከስልና ይመራል። ከአምስት ኪሎው አራት ያህል ነው የቀረው።

ለብ እስኪል ድረስ ጠብቀው በነጠላ አጥልለው ወደ ጀሪካን ገለበጡት። ትኩሱን ከገለበጡት ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ቅቤውም የፕላስቲክ ጠረን ይይዛል። ከአፉ አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉለት፤ ቆላው ላይ ሲሞቅ ይሰፋል። ክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርገው አጠበቁት፣ በጨርቅም አሰሩት። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በጀሪካኑ ላይና በወረቀት ጽፈው ለልጁ ሰጡት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።

ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳይጭነው ነገሩት። ከላይ ከተጫነ ሌላ ሻንጣ ይጫነዋል፣ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ካፈሰሰም የሰው ዕቃ ያበላሻል። ከእግሩ ሥር፣ ከወንበሩ በታች ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠው። ኮምቦልቻ መኪና ሲለውጥ ለተሸካሚ አይስጥ፣ ራሱ ያውርደው። ልጁ አንድ ኪሎ ለራሱ እንዲወስድ ሲሉት እናቱ ቀድማ የሰጠችው እንዳለ ነገራቸው። ሴትዮዋ ግን አልተቀበሉትም፣ ሌላ ትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ከጀሪካኑ ጋር አሰሩለት።